ከ12 የማይበልጡ ቀናት

05/03/2024 ተብሎ የተጻፈ ዕለት በለንደን፣ በቴል አቪቭ ወይም በዱባይ ለሚኖር አንባቢ ማርች 5 ቀን ሲሆን፣ በዋሽንግተን ለሚኖር አንባቢ ግን ሜይ 3 ቀን ነው። ሁለቱም አንባቢዎች የሀገራቸውን ሥርዓት በትክክል ተከትለው አንብበዋል፤ ሆኖም በሁለቱ ንባብ መካከል የ59 ቀናት ልዩነት አለ። የልዩነቱ ምንጭ፣ በእዝባር ተለያይተው የተደረደሩት ሦስት ቁጥሮች የትኛው ቀን፣ የትኛው ወር እንደሆነ ራሳቸው አለመናገራቸው ነው። ትርጉማቸውን የሚያገኙት ከተቀመጡበት ቦታ ሲሆን፣ የቦታው ሥርዓት ደግሞ በወረቀቱ ላይ ሳይሆን በጸሐፊውና በአንባቢው ልማድ ውስጥ ይገኛል። የሁለቱ ልማድ አንድ ከሆነ ችግር የለም፤ ከተለያየ ግን ጽሑፉ ውስጥ ይህን የሚያስታውቅ ምልክት የለም።

በአሃዝ የሚጻፍ ዕለት በዓለም ላይ በዋናነት ሦስት ሥርዓቶች አሉት። አብዛኞቹ የአውሮፓ፣ የአፍሪካና የደቡብ አሜሪካ ሀገሮች ቀንን፣ ከዚያ ወርን፣ ከዚያ ዓመትን ያስከትላሉ፤ ቻይና፣ ጃፓን፣ ኮሪያና ሀንጋሪ ዓመቱን ያስቀድሙና በወር በኩል ወደ ቀን ይወርዳሉ፤ አሜሪካ ደግሞ ከወር ጀምራ በቀን በኩል ወደ ዓመት ትሻገራለች። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ፣ አንዱ ከትንሽ ወደ ትልቅ፣ ሌላው ከትልቅ ወደ ትንሽ የሚሄዱ በመሆናቸው ቅደም ተከተላቸው ወጥ ነው። የአሜሪካው ሥርዓት ግን የመጠን ቅደም ተከተልን ሳይሆን የአነጋገርን ቅደም ተከተል የተከተለ ነው፤ አሜሪካዊ በንግግርም ሆነ በፊደል የወሩን ስም አስቀድሞ ቀኑን ያስከትላል፣ በነጻነት አዋጁ ራስጌ ላይ የሚነበበውም ጁላይ 4፣ 1776 ነው። በካናዳ ሁለቱም ልማዶች ጎን ለጎን ስለሚሠራባቸው፣ በዚያች ሀገር የጸሐፊውን አገር ማወቅ እንኳ ሥርዓቱን አያሳውቅም።

የአማርኛ አንባቢ ይህን የአሜሪካ ልማድ እንግዳ አድርጎ ከማየቱ በፊት የራሱን ቋንቋ ቢመረምር መልካም ነው። በአማርኛ ዕለት በፊደል ሲጻፍ «ጥር 3 ቀን 1980 ዓ.ም.» ይባላል፤ ወሩ ይቀድማል፣ ቀኑ ይከተላል፣ ዓመቱ ይዘጋል። ይኸው ዕለት በደብዳቤ ራስጌ ወይም በቅጽ ላይ በአሃዝ ሲሰፍር ግን 03/05/1980 ይሆናል፤ ቀኑ ወደ ፊት ይመጣል፣ ጥር አምስተኛ ወር በመሆኑ 05 ሆኖ መሐል ይገባል። አንድ የአማርኛ ጸሐፊ በአፉ ወር እያስቀደመ በእጁ ቀን ያስቀድማል ማለት ነው። ይህ መገለባበጥ ለለመደው ሰው ሳይታወቅ የሚፈጸም ቢሆንም፣ የሚነገረውን ዕለት እየሰማ በቀጥታ ወደ አሃዝ የሚያሰፍር ጸሐፊ «ጥር 3»ን 05/03 ብሎ ለመጻፍ ሩቅ አይደለም። ስለዚህ ስሕተቱ በሁለት ሀገሮች መካከል ብቻ ሳይሆን በአንድ ቢሮ ውስጥ፣ በአንድ ሰው እጅም ሊፈጠር የሚችል ነው።

ስሕተቱ ሁልጊዜ የሚፈጠር ቢሆን ኖሮ በቶሎ በታወቀ ነበር። 25/03/2024 የሚል ጽሑፍ የደረሰው አሜሪካዊ፣ 25ኛ ወር ስለሌለ ጽሑፉ በሌላ ሥርዓት የተጻፈ መሆኑን ወዲያው ይረዳል። ቀኑ 12 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ግን ሁለቱም ቁጥሮች ወርም ቀንም መሆን ስለሚችሉ ሁለቱም ንባቦች ትክክለኛ ዕለት ይሰጣሉ። በአሥራ ሁለቱም ወራት የመጀመሪያዎቹ 12 ቀናት ሲደመሩ 144 ይሆናሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ እንደ 04/04 ያሉት፣ ቀንና ወራቸው እኩል የሆኑት 12 ዕለታት ቢገለበጡም አይለወጡም። የቀሩት 132 ዕለታት፣ ማለትም ከዓመቱ አንድ ሦስተኛ የሚበልጡት፣ ለሁለት ንባብ የተጋለጡ ናቸው። ከሦስት ዕለታት ሁለቱ ገደማ ያለ ችግር መነበባቸው ደግሞ አደጋውን ይሸፍነዋል፤ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ዕለታት መርምሮ ሁሉም ትክክል መሆናቸውን ያየ ሰው፣ የቀሩትም ትክክል እንደሆኑ ያምናል።

በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ስሌቱ ጥቂት ይለያል፤ ምክንያቱም 13ኛ ወር አለ። 13/02 የሚለው ጽሑፍ ቀን ቀድሞ ሲነበብ ጥቅምት 13 ሲሆን፣ ወር ቀድሞ ሲነበብ ጳጉሜን 2 ይሆናል፤ ስለዚህ ከአሥራ ሁለቱ ወራት በተጨማሪ የመስከረም፣ የጥቅምት፣ የኅዳር፣ የታኅሣሥና የጥር 13ኛ ቀናት እንዲሁም አምስቱ የጳጉሜን ቀናት ከአሻሚዎቹ ጎራ ይገባሉ። ድምሩ 142 ይደርሳል፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን በምትሆንበት ዓመት ደግሞ የካቲት 13 እና ጳጉሜን 6 ስለሚጨመሩ 144 ይሆናል። ከሁሉ የሚከፋው የኢትዮጵያን አቆጣጠር የማያውቅ አንባቢ ሲጨመርበት ነው። 05/13/2015 ተብሎ የተጻፈ ዕለት ለኢትዮጵያዊ ጳጉሜን 5 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 2023 ነው። አሜሪካዊው አንባቢ ግን በዚህ ጽሑፍ ላይ ምንም እንግዳ ነገር አያይም፤ ለእርሱ ሜይ 13 ቀን 2015 ነውና፣ ከስምንት ዓመት በላይ ወደ ኋላ የተመለሰ መሆኑን አያውቅም። ለአውሮፓዊ አንባቢ የማንቂያ ደወል የሚሆነው 13 ቁጥር፣ ለአሜሪካዊው ጽሑፉ በራሱ ሥርዓት የተጻፈ ለመሆኑ ማረጋገጫ ይመስለዋል።

የተገለበጠ ዕለት ከእውነተኛው ምን ያህል እንደሚርቅ ማስላት ይቻላል፤ ይህም በኋላ ስሕተቱን ለመለየት ይጠቅማል። ቀንና ወር ሲለዋወጡ ዕለቱ በወሮቹ ልዩነት ልክ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄድ በቀኖቹ ልዩነት ልክ ደግሞ ወደ ሌላው ይመለሳል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጳጉሜን በስተቀር ሁሉም ወር 30 ቀን ስለሆነ፣ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ላለው ለእያንዳንዱ የአንድ ልዩነት ርቀቱ 30 ሲቀነስ 1፣ ማለትም በትክክል 29 ቀን ነው። ጥር 3 (03/05) ተገልብጦ ኅዳር 5 ሆኖ ሲነበብ፣ የ3 እና የ5 ልዩነት 2 ስለሆነ ርቀቱ 58 ቀን ይሆናል። በግሪጎሪያን አቆጣጠር የወራት ርዝመት ስለሚለያይ ቁጥሩ ጥቂት ከፍ ዝቅ ይላል፤ ትልቁ ርቀት የሚገኘውም ጃንዋሪ 12 ከዲሴምበር 1 ጋር ሲለዋወጥ ሲሆን፣ በተራ ዓመት 323 ቀን፣ ፌብሩዋሪ 29 ቀን በሚኖረው ዓመት ደግሞ 324 ቀን ነው።

ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ሕይወት ላይ ምን እንደሚያስከትል ለማየት፣ ጥር 3 ቀን 1980 ዓ.ም. የተወለደችን አንዲት ሴት ሰነዶች መከተል ይበቃል። ይህ ዕለት በግሪጎሪያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 12 ቀን 1988 ነው። በሀገር ቤት የተዘጋጀ ሰነዷ ላይ፣ በኢትዮጵያ ልማድ ቀን ቀድሞ፣ 12/01/1988 ተብሎ ሰፍሯል እንበል። ወደ አሜሪካ ስትሄድ ሰነዱን የሚመለከተው ሠራተኛ ወር ቀድሞ የማንበብ ልማዱን ይዞ ዲሴምበር 1 ቀን 1988 ብሎ ይመዘግባል፤ በአንድ የብዕር ጭረት 324 ቀን ወጣት ትሆናለች። እርሷም ራሷ ቅጽ ስትሞላ በተመሳሳይ ወጥመድ ልትያዝ ትችላለች፤ የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ቅጾች ከልደት ቀን መሙያው አጠገብ በትንንሽ ፊደላት mm/dd/yyyy ብለው ወር በሁለት አሃዝ እንዲቀድም ያዝዛሉ፣ ይህን ሳታስተውል 12/01/1988 ብትጽፍ ቅጹ ያለ ማንገራገር ይቀበላታል። በጃንዋሪ 25 የተወለደ ሰው በኮምፒውተር ላይ 25ን በወር ቦታ ቢያስገባ ማሽኑ አይቀበለውምና ስሕተቱን በዚያው ያርማል፤ በወሩ 12ኛ ቀን ወይም ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው ግን ይህ ዕድል የለውም።

ነገሩ በዚህ ቢቆም ኖሮ ሁለቱን ሰነዶች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው 12 እና 01 ቦታ መለዋወጣቸውን በቀላሉ ባየ ነበር። የኢትዮጵያውያንን ጉዳይ ከሌሎች የሚያከብደው ቀጥሎ የሚመጣው የአቆጣጠር ልወጣ ነው። በአሜሪካ የተመዘገበው ዲሴምበር 1 ቀን 1988፣ ለአንድ ጉዳይ ሲባል ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመለስ፣ ኅዳር 22 ቀን 1981 ዓ.ም. ይሆናል። መነሻው ጥር 3 ቀን 1980 ነበር፤ አሁን ቀኑም፣ ወሩም፣ ዓመቱም ተለውጧል፣ ከሦስቱ ቁጥሮች አንድም የተረፈ የለም። ይህን የሚያይ የመዝገብ ሠራተኛ ሁለት ቁጥሮች እንደተገለበጡ ከመጠርጠር ይልቅ ሁለት የተለያዩ ሰዎች እንዳሉ፣ ወይም ባለጉዳይዋ ዕድሜዋን እንደቀነሰች ለማሰብ ይቀርባል፤ ንጹሕ ሰው በሐሰት የሚጠረጠርበት ይህ ክፍል የችግሩ ሁሉ መራራ ገጽ ነው። መገለባበጡ የተፈጸመው ከልወጣው በፊት በኢትዮጵያው ጽሑፍ ላይ ከሆነ ደግሞ ሌላ ዕለት ይገኛል፤ 03/05/1980 ወር ቀድሞ ተነቦ ኅዳር 5 ከተባለ፣ ልወጣው ኖቬምበር 15 ቀን 1987ን ይሰጣል። አንዲት ሴት ሳትዋሽና ማንም ሳያጭበረብራት ሦስት የልደት ቀናት ይኖሯታል።

እንዲህ ያለ ልዩነት ሲያጋጥም መመርመሪያው መንገድ የታወቀ ነው። በመጀመሪያ የሚጋጩት ዕለታት ሁሉ ወደ አንድ አቆጣጠር ይመለሱና በግሪጎሪያን ቁጥሮች ቀንና ወር ተለዋውጠው እንደሆነ ይታያል፤ ካልተገኘ ሁሉም ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ተመልሰው ይኸው ይደገማል። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ ጃንዋሪ 12 እና ዲሴምበር 1 በመጀመሪያው ሙከራ፣ ጥር 3 እና ኅዳር 5 በሁለተኛው ሙከራ ይገለጣሉ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በአንድ ዓመት ውስጥ ባሉ ሁለት ዕለታት መካከል ያለው ርቀት ለ29 ያለ ቀሪ የሚካፈል ሆኖ ከተገኘ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ ካልተካፈለ ግን በኢትዮጵያው ጽሑፍ ላይ የቀንና የወር መለዋወጥ አልተፈጸመምና ምክንያቱ ሌላ ቦታ ይፈለጋል። በእነዚህ መንገዶች የማይፈታ ልዩነት ብዙውን ጊዜ የአቆጣጠር ልወጣው ራሱ በአንድ ቀን መሳሳቱን ወይም ጨርሶ አለመደረጉን ያመለክታል።

ኮምፒውተር ይህን ችግር ሊፈታው ሲገባ ብዙ ጊዜ ያባብሰዋል፤ ኤክሴል በመባል የሚታወቀው የሠንጠረዥ ፕሮግራም ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ፕሮግራሙ ዕለትን በፊደል አያስቀምጥም፤ ከ1900 መጀመሪያ አንስቶ በተቆጠረ ተራ ቁጥር ይይዘዋል። ማርች 5 ቀን 2024 በውስጡ 45356 ሲሆን፣ ሜይ 3 ቀን 2024 ደግሞ 45415 ነው። ዕለቱ አንድ ጊዜ በትክክል ወደ ተራ ቁጥር ከገባ፣ በአሜሪካ ኮምፒውተር ወር ቀድሞ፣ በእንግሊዝ ኮምፒውተር ቀን ቀድሞ ሊታይ ቢችልም፣ ከበስተኋላው ያለው ቁጥር አይለወጥም። አደጋው የሚገኘው በመግቢያው በር ላይ ነው፤ ማለትም በጽሑፍ መልክ የመጣ 05/03/2024 ወደ ተራ ቁጥር በሚለወጥበት ቅጽበት። በዚያ ጊዜ ፕሮግራሙ የሚከተለው የጸሐፊውን ልማድ ሳይሆን ፋይሉ የተከፈተበትን ኮምፒውተር የአካባቢ ቅንብር ነው።

ከአውሮፓ የተላከ፣ ቀን ቀድሞ የተጻፈ የክፍያ ዝርዝር በአሜሪካ ቅንብር ባለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የሚሆነውን በዝርዝር ማየት ይገባል። 05/03/2024 ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ሜይ 3 ሆኖ 45415 ተብሎ ይቀመጣል። ከሥሩ ያለው 25/03/2024 ግን 25ኛ ወር ስለሌለ ዕለት መሆን ያቅተውና ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። አንዱ ዓምድ አሁን በሁለት ተከፍሏል፤ ከፊሉ የተሳሳተ ዕለት፣ ከፊሉ ደግሞ ዕለት ያልሆነ ፊደል ነው። ሠንጠረዡ በቀን ቅደም ተከተል ሲደረደር ጽሑፍ የሆኑት ለብቻቸው ከታች ይከማቻሉ፤ በወር ሲደመር ከሒሳቡ ይቀራሉ። አስተዋይ ዓይን ይህን በአሰላለፉ ያውቀዋል፦ ቅርጽ ካልተለወጠበት በቀር ፕሮግራሙ ዕለትን ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍን ወደ ግራ አስጠግቶ ስለሚያሳይ፣ በአንድ ዓምድ ውስጥ አንዳንዱ ወደ ቀኝ አንዳንዱ ወደ ግራ ካዘነበለ ሥርዓቱ ተምታትቷል። ወደ ቀኝ ከተጠጉት መካከል ከ12 የሚበልጥ ቀን ያለው አንድም ዕለት አለመኖሩ ደግሞ ጥርጣሬውን ወደ እርግጠኝነት ያደርሰዋል። በኤፕሪል በተዘጋጀ ዝርዝር ውስጥ የኖቬምበር ክፍያ መታየቱም እንዲሁ ምስክር ነው።

የተበላሸውን ዓምድ እዚያው ለማቃናት መሞከር አይመከርም፤ ከተለወጡት ዕለታት የትኞቹ በሰው እጅ ቀደም ብለው እንደታረሙ ማወቅ አይቻልምና። ትክክለኛው መንገድ የመጀመሪያውን ፋይል እንደገና አምጥቶ፣ ፕሮግራሙ ከመለወጡ በፊት የዓምዱን ሥርዓት መንገር ነው፤ በኤክሴል Text to Columns በሚባለው ትእዛዝ ውስጥ Date ተመርጦ DMY ሲባል፣ ቀን፣ ወር፣ ዓመት በሚል ቅደም ተከተል እንዲነበብ ይታዘዛል። አንድን ዕለት በእጅ ማስገባት ሲያስፈልግ ደግሞ የሚከተለው ቀመር የኮምፒውተሩ የዕለት ሥርዓት ቀን ቢያስቀድምም ወር ቢያስቀድምም ማርች 5ን ብቻ ይሰጣል፤ ዓመት፣ ወርና ቀን በየራሳቸው ቦታ ተለይተው ስለሚገቡ ለግምት ቀዳዳ የለውም።

```
=DATE(2024,3,5)
```

የኢትዮጵያን ዕለት በእንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ውስጥ እንደ ግሪጎሪያን ዕለት ማስገባት ግን ፈጽሞ ሊደረግ የማይገባ ነው። 30/02/2016 ጥቅምት 30ን ያመለክታል፤ ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው ግን ፕሮግራሙ አይቀበለውም፣ ሌሎቹን ሲቀበል ደግሞ በሌላ አቆጣጠር እያሰላ የሳምንቱን ቀንም የዕድሜውንም ስሌት ያዛባል።

ለሰው ለሚነበብ ጽሑፍ ከሁሉ የተሻለው መፍትሔ ወርን በስሙ መጻፍ ነው። የአውሮፕላን ትኬት 05MAR በሚል መልክ ቀኑን በአሃዝ፣ ወሩን በሦስት ፊደላት የሚያሰፍረው በዚህ ምክንያት ነው፤ በአሜሪካ ቪዛ ላይ ያለው ዕለትም፣ ሀገሪቱ በውስጧ ወር ብታስቀድምም፣ በዚሁ መልክ ይታተማል። በአማርኛም «ጥር 3 ቀን 1980 ዓ.ም.» ብሎ መጻፍ ወሩን ብቻ ሳይሆን አቆጣጠሩንም ስለሚገልጽ በአንድ ጊዜ ሁለት ስሕተቶችን ይከላከላል። ለማሽን ለሚገባ ጽሑፍ ደግሞ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ1988 እ.ኤ.አ. ISO 8601 በሚል መለያ ያወጣው ደረጃ አለ፤ ዓመቱን በአራት አሃዝ አስቀድሞ 2024-03-05 ብሎ ይጽፋል። ዓመት ቀድሞ ቀን ከወር በፊት የሚመጣበት ልማድ በሰፊው ስለማይሠራበት፣ በአራት አሃዝ ዓመት የሚጀምር ዕለት በተግባር አንድ ንባብ ብቻ አለው። ዓመቱን በሁለት አሃዝ ማሳጠር ግን ይህን ጥበቃ ያፈርሰዋል፤ 04/05/06 ሦስቱም ሥርዓቶች እኩል የሚጠይቁት ጽሑፍ ነው።

የአንድ ሰው የልደት ቀን መገልበጡን ለማወቅ በእጁ ያለው ፓስፖርት ይረዳዋል። በፓስፖርቱ የፎቶ ገጽ ግርጌ፣ ማሽን እንዲያነባቸው ከታተሙት ሁለት መስመሮች በሁለተኛው ላይ፣ ETH ከሚሉት የዜግነት ፊደላት ቀጥሎ ስድስት አሃዞች ይገኛሉ፤ በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ መሠረት እነዚህ የልደት ዓመት፣ ወርና ቀን ናቸው። ጃንዋሪ 12 ቀን 1988 የተወለደ ሰው 880112 ማግኘት ይኖርበታል፤ 881201 ካገኘ ቀንና ወሩ ተለዋውጠው ገብተዋል። ከስድስቱ ቀጥሎ ያለው ሰባተኛ አሃዝ የማረጋገጫ ቁጥር ቢሆንም፣ የሚሰላው ከተመዘገበው ዕለት ስለሆነ ለመጀመሪያው 2፣ ለሁለተኛው 6 ሆኖ በሁለቱም ላይ ያለ ተቃውሞ ይስማማል፤ ማሽኑ የሚያረጋግጠው አሃዞቹ በትክክል መነበባቸውን እንጂ ሰውየው በዚያ ቀን መወለዱን አይደለም። ስለዚህ በወሩ 12ኛ ቀን ወይም ከዚያ በፊት የተወለደ ማንኛውም አንባቢ እነዚህን ስድስት አሃዞች ከልደት የምስክር ወረቀቱ ጋር አስተያይቶ፣ ልዩነት ካገኘ ሌላ ሰነድ ከማውጣቱ በፊት እንዲያስተካክል ይመከራል።